ሲክሬት ቻቱ አዲሱ ስልክ ላይ ለምን አልመጣም፣ ከአሮጌው ስልክስ እንዴት ይወጣል

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ፣ ቴሌግራም ላይ ከእህቴ ጋር የምናወራው በሲክሬት ቻት ነበር፣ እሷ ዱባይ ናት። ስልኬ ወድቆ ስክሪኑ ድርግም አለ፣ ጥቁር ነው፣ ግን ጠዋት ጠዋት አላርሙ ይጮሃል። አዲስ ስልክ ገዝቼ በዛው ቁጥር ስገባ የሁሉም ሰው ቻት መጣ፣ የእህቴ ሲክሬቱ ብቻ የለም። ላፕቶፕ ላይም የለም። ውስጡ የቤት ሽያጭ ውል ፎቶ ነበር፣ አሁን ያስፈልገናል። ጭራሽ ትናንት እሷ አዲስ ሲክሬት ቻት ጀመረችና ‹ተከፍቷል፣ ጽፌልሃለሁ› ትላለች፣ እኔ ጋ ግን ምንም የለም። ተጠልፌ ነው? የድሮውንስ ማውጣት ይቻላል?»

ወንድሜ፣ ይሄን አንብበህ ሳትጨርስ አዲሱ ስልክህ ላይ `Settings` ውስጥ `Devices` ገብተህ ምንም እንዳትዘጋ። በተለይ በቀይ የተጻፈውን `Terminate All Other Sessions` እንዳትነካው። «ተጠልፌ ነው እንዴ» ብሎ የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው እዛ ነው፣ ሌላ ጊዜ ትክክል ነው፣ አንተ ግን እሱን ከነካህ ውሉን በገዛ እጅህ ነው የምታጠፋው። ምናልባት ነክተኸው እምቢ ብሎህ ከሆነ ደግሞ እድለኛ ነህ፣ ቴሌግራም አዲስ የገባ ዲቫይስ መጀመሪያ 24 ሰዓት ውስጥ ሌሎቹን እንዲያስወጣ አይፈቅድም። ሌባ ኮድ አግኝቶ ገብቶ ባለቤቱን ወዲያው እንዳያባርር ነው የተሰራው፣ ላንተ በሌላ በኩል ጠቀመህ።

አልተጠለፍክም። የነገርከን ነገር በሙሉ ሲክሬት ቻት እንዲሰራ በተሰራበት መንገድ እየሰራ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ ትናንት እህትህ የጀመረችው ሳይቀር። እሱ እንዲያውም ቆንጆ ምልክት ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ብዙ ሰው ሲክሬት ቻት ማለት ያው ተራው ቻት ሆኖ ቁልፍ የተደረገበት ይመስለዋል፣ አይደለም። መደበኛው ቻት ላይ «እንዴት ዋልሽ» ብለህ ስትልክ ጽሁፉ ከስልክህ እስከ ቴሌግራም ሰርቨር ድረስ ተመስጥሮ ይሄዳል፣ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ከሰርቨሩ ደግሞ ተመስጥሮ ወደ እህትህ ይሄዳል። ኩባንያው የተቀመጠውም ተመስጥሮ ነው፣ ቁልፎቹም በተለያየ አገር ተከፋፍለው ነው ያሉት ይላል። ይሁን፣ ግን ቁልፉ ያለው እነሱ ጋ ነው። እነሱ ጋ ስለሆነም ነው አዲስ ስልክ ገዝተህ ኮድ አስገብተህ ስትገባ የዛሬ አምስት ዓመት የተላከልህ ፎቶ ሳይቀር ከች የሚለው። አዲሱ ስልክ ከአሮጌው የወሰደው ነገር የለም፣ ሁሉም የወረደው ከሰርቨር ነው። ስለዚህ መደበኛ ቻት የአካውንትህ ንብረት ነው በለው፣ አካውንቱ የገባበት ሁሉ ይገባል፣ ስልክ፣ ታብሌት፣ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ሁሉም እኩል ታሪኩን ያያል።

ሲክሬት ቻት ግን የአካውንትህ አይደለም፣ የዛች ስልክ ነው። ስትጀምሩት ያንተ ስልክና የእህትህ ስልክ ተነጋግረው አንድ ቁልፍ ይሰራሉ፣ ዲፊ ሄልማን በሚባለው ዘዴ፣ 2048 ቢት ነው። የዘዴው ብልሃት ሁለቱ ስልኮች በሰርቨሩ በኩል ቁጥር ይለዋወጣሉ፣ ሰርቨሩ የተለዋወጡትን ያያል፣ ግን ከዛ ተነስቶ ቁልፉን ማወቅ አይችልም፣ እያንዳንዱ ስልክ ለራሱ የያዘው ለማንም ያልላከው ቁጥር አለና። ቁልፉም አንድ ጊዜ ተሰርቶ አይቀርም፣ 100 መልእክት ከተላከበት ወይም ሳምንት ካለፈው ስልኮቹ ለራሳቸው በዝምታ ይቀይሩታል፣ የድሮውን ይጥሉታል። ሰርቨሩ የታሸገ ፖስታ አቀባይ ነው፣ ያደርሳል ያበቃል። ታሪኩ የሚቀመጠው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ ያንተ አሮጌ ስልክ ሚሞሪ ላይና የእህትህ ስልክ ሚሞሪ ላይ።

እንግዲህ አዲሱ ስልክህ ቁልፉ የለውም፣ ታሪኩን የሚያወርድበት ቦታም የለም። ላፕቶፑም እንደዛው፣ እሱ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፣ የዊንዶውሱ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ሲክሬት ቻት የሚባል ነገር ጭራሽ አያውቅም፣ በብራውዘር የሚከፈተውም አያውቅም። አንድሮይድና አይፎን ላይ አለ፣ ማክ ላይ ለማክ ተብሎ በተሰራው አፕ አለ፣ እሱም ቢሆን ማኩ ላይ የጀመርከው ማኩ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ስልክህ አይሻገርም። ዴስክቶፑ ላይ ዳታ ኤክስፖርት የምታደርግበት ነገር አለ ሲሉህ እሱም ለመደበኛው ቻት ነው፣ ሲክሬቱን አያይዘውም።

አሁን የትናንቱን እንይ። እህትህ ሲክሬት ቻት ስትጀምር ጥያቄው የሚሄደው ወደ አንድ ስልክህ አይደለም፣ አካውንትህ ወደ ገባበት ዲቫይስ ሁሉ ነው። ከነዛ ውስጥ ቀድሞ ኦንላይን የሆነውና ሲክሬት ቻት የሚችለው ይቀበላል፣ አንተን ሳይጠይቅ ነው የሚቀበለው፣ እሺ የሚል በተን የለም። አንዱ በተቀበለ ቅጽበት ሌሎቹ «አለቀ ተይዟል» ተብለው ይተዋሉ። እና እሷ ጋ መጀመሪያ «ኦንላይን እስኪሆን በመጠበቅ ላይ» ዓይነት ጽሁፍ ይመጣል፣ ከዛ ይከፈታል፣ እሷም ትጽፋለች። አንተ ጋ ደግሞ አዲሱ ስልክ ላይ ምንም የለም። ታዲያ ማን ተቀበለው? ጠዋት አላርም የሚጮኸው ያ ጥቁር ስልክህ ነዋ! ስክሪኑ ነው የሞተው፣ ስልኩ አልሞተም፣ ቤትህ ባለው ዋይፋይ እንደተገናኘ ነው ያለው፣ ቴሌግራሙም ከጀርባ እየሰራ ነው። ቻቱ እሱ ላይ ተከፍቷል፣ የጻፈችልህም እሱ ላይ ተቀምጧል።

ይሄን ልታረጋግጠው ትችላለህ። እህትህን የትናንቱ ቻት ላይ ራይቱ ስንት ነው ብለህ ጠይቃት፣ አንድ ራይት ይሆናል፣ ተልኳል ግን አልታየም፣ ማን ይየው ስክሪኑ ጥቁር ነው። አንተ ደግሞ `Devices` ውስጥ ግባና አሮጌው ስልክ ስም አጠገብ መጨረሻ የታየበትን ሰዓት እይ (ማየት ይቻላል፣ መዝጋት ነው የከለከልኩህ)። ዛሬ ወይ ትናንት ካለ ስልኩ በህይወት አለ ማለት ነው፣ ያ ማለት ደግሞ የድሮው ቻትም ከነውሉ እዛው አለ።

ስልክ ጥገና ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት ሰርቻለሁ፣ እና እንዳንተ ዓይነቱ በወር ሁለት ሦስት ይመጣል፣ ግማሹ የሚመጣው ካበላሸ በኋላ ነው። አንዷን አልረሳትም፣ የታናሽ ወንድሟ መልእክቶች ነበሩ፣ ስልኩ ስክሪን ብቻ ነበር የሚፈልገው፣ ከኛ በፊት የሄደችበት ቦታ ግን «ሶፍትዌሩም ትንሽ ችግር አለው» ብለው ፍላሽ አድርገው ሰጧት፣ ስክሪኑ አዲስ፣ ውስጡ ባዶ። ቴሌግራም ስትገባ ሁሉም ሲመለስላት ሲክሬቱ የለም። ምን ልበላት? አንድሮይድ ስልክ ፎርማት ሲሆን ሚሞሪው የተመሰጠረበት ቁልፍ አብሮ ይጠፋል፣ የተሰረዘ የጋለሪ ፎቶ እንደሚፈለገው አይፈለግም። ሪከቨሪ እናደርጋለን ብለው ብር የሚቀበሉህ አሉ፣ ለሲክሬት ቻት አትክፈል።

ስለዚህ አካሄድህ እንዲህ ይሁን። ዛሬውኑ ለእህትህ ደውልላትና የድሮውን ሲክሬት ቻት እንዳትነካው ንገራት። ታሪኩ ሁለት ቦታ ነው ያለው አላልኩህም? አንዱ እሷ ጋ ነው፣ ስልክ ካልቀየረች፣ ከቴሌግራም ወጥታ ካልገባች፣ አፑን አጥፍታ ድጋሚ ካልጫነች ውሉ አሁን እጇ ላይ አለ፣ ምናልባት ነገርህ እዚህ ጋ ያልቃል። የቻት ዝርዝሯ ላይ ስምህ ሁለት ጊዜ ወይ ሦስት ጊዜ ሊታያት ይችላል፣ መደበኛው አለ፣ ቁልፍ ምልክት ያለበትና ስሙ አረንጓዴ የሆነው የድሮው ሲክሬት አለ፣ የትናንቱም አለ፣ እና «ይሄ ምን ይሰራል ተደጋግሞ» ብላ አንዱን እንዳታጠፋ። ምክንያቱም ሲክሬት ቻት ላይ እሷ መልእክት ስታጠፋ ያንተም ስልክ አጥፋ የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል፣ አሮጌው ስልክህ ዋይፋይ ላይ ስለሆነ ወዲያው ይፈጽማል፣ ሁለቱም ቅጂ በአንድ ንክኪ ሄደ ማለት ነው። የሚያሳስበው ታይመር አድርጋችሁ ከነበረ ነው፣ ያኔ ፎቶው ከታየ በኋላ በተወሰነው ጊዜ ሁለቱም ጋ ጠፍቷል፣ ሰከንድም ይሁን ሳምንት፣ እሱን የሚመልስ የለም። ካላደረጋችሁ ግን አለ።

እሷ ጋ ካለ እንዴት ትላከው? ፎርዋርድ አይሰራም፣ ከሲክሬት ቻት ወደ ሌላ ቻት ፎርዋርድ የሚባል ነገር የለም። አንድሮይድ ከያዘች ስክሪንሾትም እምቢ ይላታል፣ አይፎን ከሆነ ያነሳል ግን ቻቱ ላይ «ስክሪንሾት ተነሳ» የሚል ጽሁፍ ይወጣል። ፎቶውን ስትከፍተው ወደ ጋለሪ ሴቭ የሚል ከሰጣት ሴቭ ታርገው፣ ጥራቱ እንዳለ ይወጣል። ካልሰጣት የጓደኛዋን ስልክ ተውሳ ስክሪኑን ፎቶ ታንሳው፣ አጉልታ፣ ገጽ በገጽ፣ መብራት ሳያንጸባርቅ። ሰው ይስቃል ግን የሚሰራ ነገር ነው። (ሲክሬት ቻት ስክሪንሾት ስለከለከለ ፎቶዬ አይወጣም ብለው የሚያስቡ ሰዎች ይሄን አንቀጽ ደግመው ቢያነቡት ጥሩ ነው።)

እሷ ጋ ከሌለ ወደ ጥቁሩ ስልክ እንሄዳለን። አዲሱ ስልክህ ላይ `Devices` ውስጥ ከታች `If Inactive For` የሚል አለ፣ ለዚህን ያህል ጊዜ ያልተገናኘ ዲቫይስ በራሱ ይውጣ የሚል ማለት ነው። ሳምንት ላይ ወይ ወር ላይ ካለ የሚሰጥህን ረጅሙን ምረጥ፣ መሳቢያ ውስጥ ቻርጅ ጨርሶ የተቀመጠ ስልክ ቀኑ ሲሞላ ከአካውንቱ ይወጣል፣ የወጣ ስልክ ደግሞ ሲክሬት ቻቱን ያጠፋል። ከዛ የአሮጌውን ስልክ ስም ነካ ስታደርገው ዝርዝር ይከፈታል፣ እዛ ውስጥ ይሄ ዲቫይስ ሲክሬት ቻት ይቀበል ወይስ አይቀበል የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ `Secret Chats` የሚል ቃል ያለበት፣ እሱን አጥፋው። ይሄ አሮጌውን ቻት አይነካም፣ አዲስ የሚመጣውን ብቻ ነው እንዳይቀበል የሚያደርገው፣ የትናንቱ ዓይነት ነገር እንዳይደገም። ይሄን ማብሪያ ማጥፊያ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ቤት ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበት ታብሌት ላይ ቴሌግራሙ የገባ ሰው ዛሬውኑ ቢያየው ደስ ይለኛል፣ አንድ ሱቅ ያለው ደንበኛዬ ሚስጥር ብሎ የሚጽፍለት ሰው ሁሉ ሰራተኛው የሚይዘው ታብሌት ላይ ሲከፈትለት ከርሞ ነው ያወቀው።

ጥገና ቤት ስትወስደው የምትለው ቃል አንድ ነው፣ «ስክሪን ብቻ ቀይሩልኝ፣ ፎርማት እንዳታደርጉ፣ ፍላሽ እንዳታደርጉ፣ ዳታ አለበት»። ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉልህ ጠይቅ። ስክሪን መቀየር ሚሞሪውን አይነካውም፣ የሚነካው ሰው ነው። የስክሪን መክፈቻ ኮድህን ስጠን ቢሉህ አትስጥ፣ ተች መስራቱን ለማየት ኮድ አያስፈልግም፣ ኮዱን እዛው ቆመህ ራስህ አስገባ።

ስክሪኑ ተቀይሮ ሲበራ ደግሞ ከኢንተርኔት ውጪ ሆኖ ነው መከፈት ያለበት። ሲሙ አዲሱ ስልክ ላይ ስለሆነ ችግር የለም፣ ዋይፋዩን ግን እቤት ራውተሩን ንቀል ወይም ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው፣ ከዛ ቴሌግራሙን ክፈት። ለምን መሰለህ፣ ምናልባት አንተ ሳታውቅ ሴሽኑ ተዘግቶ ከሆነ (ቀኑ ሞልቶ፣ ወይ በስህተት ነክተኸው) ስልኩ ይሄን የሚያውቀው ሰርቨሩን ሲያገኝ ነው። ከማግኘቱ በፊት ሚሞሪው ላይ ያለውን እንዳለ ያሳይሃል፣ ካገኘ በኋላ ግን በሰከንድ ውስጥ ራሱን ያስወጣና ሲክሬቱን ይዞት ይሄዳል። እኔ ይሄን ዘዴ ተጠቅሜ ያተረፍኩት አለ፣ ሰውየው ስልኩ የተሰረቀ መስሎት ከሌላ ስልክ ዘግቶት ነበር፣ ስልኩ ግን የመኪናው ወንበር ስር ባትሪ ጨርሶ ተኝቷል። ቻርጅ ከማድረጋችን በፊት ሲሙን አወጣን፣ ዋይፋይ የሌለበት ቦታ ከፈትነው፣ ሁሉም ነገር ቁጭ ብሎ ነበር፣ በኔ ስልክ ካሜራ አንድ በአንድ አነሳነው። ከዛ ዋይፋይ ስንሰጠው አይናችን እያየ ወጣ።

ስለዚህ አንተም ኦፍላይን ክፈት፣ ወደ ድሮው ቻት ግባ፣ ውሉን ፈልግ፣ በአዲሱ ስልክህ ካሜራ ፎቶ አንሳው። አንድ የምትጠነቀቅበት ነገር አለ፣ ቴሌግራሙ ራሱ ፓስኮድ ካለው (የስልኩን ሳይሆን የአፑን፣ `Passcode Lock` የሚባለውን) እና ከረሳኸው፣ መውጫው አፑን አጥፍቶ ድጋሚ መጫን ብቻ ነው፣ ያኔ ሲክሬት ቻቱ አብሮ ይሄዳል። እንዳስታወስክ እርግጠኛ ካልሆንክ አትቸኩል፣ ቁጭ ብለህ አስብ።

ውሉን ካገኘኸው በኋላ ስለ አዲስ ሲክሬት ቻት እናውራ። እህትህ አትጀምረው፣ አንተ ጀምረው፣ ከአዲሱ ስልክ። የጀመረው ሰው የጀመረበት ዲቫይስ ላይ ነው የሚታሰረው፣ ስለዚህ ያንተ ወገን አዲሱ ስልክ ላይ እንደሚሆን እርግጠኛ ትሆናለህ፣ የማብሪያ ማጥፊያው ነገር እንኳን ባይሰራልህ። የእህትህን ፕሮፋይል ከፍተህ ከሦስቱ ነጥብ ስር `Start Secret Chat` ትላለህ፣ እሷ ኦንላይን እስክትመጣ ይጠብቃል፣ ከዛ ይከፈታል። ከተከፈተ በኋላ ስሟን ነክተህ `Encryption Key` የሚለውን ስትከፍት በትንንሽ ካሬ የተሞላ ስዕልና ከስሩ የቁጥርና የፊደል መስመሮች ይመጣሉ። እሷም ከፍታ ተመሳሳይ መሆኑን ስልክ ደውላችሁ ተያዩ፣ መስመሮቹን በሙሉ አንብብላት። ዱባይ ላይ በአፕ መደወል ብዙ ጊዜ ስለሚዘጋ በመደበኛ ስልክ ደውልላት። የሚመሳሰል ከሆነ መሃል ላይ የገባ የለም። ስዕሉን በራሱ በቻቱ ውስጥ አትላክላት፣ መሃል የገባ ካለ እሱም ሊቀይረው ይችላል፣ ያ ማረጋገጥ አይባልም። እውነቱን ለመናገር ይሄን የሚያደርግ ሰው አላየሁም፣ እኔ ራሴ ከባለቤቴ ጋር አንድ ጊዜ ነው ያደረግነው፣ ግን እንዴት እንደሚታይ ማወቁ አይከፋም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው ውሉ መቀመጥ የሌለበት ቦታ ስለተቀመጠ ነው። አትቀየመኝ፣ አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ወረቀቱ ትልቅ ነገር ስለሆነ ሚስጥራዊው ቦታ ይሁን ይላል። ሲክሬት ቻት የመላኪያ መንገድ ነው፣ መዝገብ ቤት አይደለም። ባክአፕ የለውም፣ ስልክ ሲቀየር አይከተልም፣ ስልክ ሲሰበር አብሮ ይሰበራል፣ አንዱ ወገን ሲያጠፋ ሌላው ጋ ይጠፋል። የኤቲኤም ፒን፣ የፓስፖርት ፎቶ ለአንድ ጊዜ ፎርም መሙያ፣ የጤና ውጤት፣ እንዲህ ያለውን በሲክሬት ከታይመር ጋር ላክ፣ ሰውየው ይየው ይጥፋ። የዛሬ ዓመት ፍርድ ቤት ወይ ባንክ ይዘኸው የምትሄደውን ነገር ግን መደበኛው ቻት ወይ `Saved Messages` ላይ አስቀምጠው፣ ከቴሌግራም ውጪም አንድ ቅጂ ይኑርህ፣ ፍላሽ ላይ ይሁን ወረቀት። ውል ከሆነማ ዋናው ወረቀት ነው።

«መደበኛው ላይ ካስቀመጥኩ ሲሜን የወሰደ ሰው አያየውም?» ካልክ፣ አዎ፣ ያየዋል፣ የመደበኛው ድክመት እዚህ ጋ ነው። ሲምህን አግኝቶ ኮድ ያስገባ ሰው ታሪክህን በሙሉ ነው የሚያወርደው። መድሃኒቱ `Two-Step Verification` ነው፣ `Privacy and Security` ውስጥ ታገኘዋለህ፣ ከኤስኤምኤስ ኮዱ በላይ ራስህ ያወጣኸውን ፓስዎርድ ይጠይቃል። የማስመለሻ ኢሜይል አብረህ አስገባ፣ ያ ኢሜይል አሁንም የሚከፈት መሆኑን ደግሞ አረጋግጥ፣ የዛሬ ስምንት ዓመት የከፈትከውን የረሳኸውን ኢሜይል አታስገባ። ፓስዎርዱም ኢሜይሉም ከጠፋብህና አካውንትህ የገባበት ሌላ ዲቫይስ ከሌለህ አካውንቱን ከዜሮ ለመጀመር ነው የሚፈቅድልህ፣ ለዛም ሳምንት ያስጠብቅሃል፣ ታሪኩ ግን አይመለስም።

ግሩፕ ላይ ሲክሬት ቻት አለ ወይ ብለው ኢንቦክስ የሚጠይቁኝ ስላሉ እዚሁ ልመልስ፣ ቴሌግራም ላይ የለም፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው። «ፕራይቬት ግሩፕ» ማለት ሊንክ የሌለው ሰው አይገባም ማለት ነው እንጂ ሰርቨሩ ላይ እንደ ማንኛውም መደበኛ ቻት ነው የሚቀመጠው። ዋትሳፕ እንዴት ነው ለምትሉ ደግሞ እዛ ሁለት ዓይነት ቻት የለም፣ ከ2016 ጀምሮ ሁሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው፣ ለዛ ነው ስልክ ስትቀይሩ ባክአፕ አድርጋችሁ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ እዛ የሚመጣው፣ ቴሌግራም መደበኛው ላይ የማይመጣው።

ወደ አንተ ልመለስና፣ ዛሬ ማታ ለእህትህ ደውልላት፣ ነገ ስልኩን ጥገና ቤት አትውሰድ፣ መጀመሪያ እሷ ጋ መኖሩን አረጋግጥ፣ ካለ ለስክሪን የምታወጣውን ብር ታተርፋለህ። ከሌለ የስልኩን ሞዴል ጻፍልኝ። አንዳንድ የሳምሰንግ ሞዴሎች በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪ ይወጣሉ፣ በማውዝ እየነካህ ስክሪን ሳትቀይር ውስጡን ማየት ትችላለህ፣ ያንተ ከነሱ መሆን አለመሆኑን እነግርሃለሁ። እስከዛው ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ተወው፣ ዋይፋዩን ግን ዛሬውኑ ቁረጥበት። ራውተሩ ላይ ስሙን አግኝተህ ብሎክ አድርገው፣ ካልሆነልህ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ቀይረው።